ኦዲተሩ የራሱን ሥራ ሲፈትሽ፦ የነጻነት ስጋቶችና በትክክል የሚሠሩ መከላከያዎች

የበጀት ዓመቱን ሰኔ 30 የዘጋ አንድ የዱቄት ፋብሪካ እንውሰድ። የሂሳብ ክፍሉ ሁለት ሰው ነው። ባንኩ ብድሩን ለማደስ ኦዲት የተደረገ የሂሳብ መግለጫ ጠይቋል። ፋይናንስ ማናጀሩ የዕለት ሂሳቡን በሚገባ ቢይዙም አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ መሠረት መግለጫ አዘጋጅተው አያውቁም። ስለዚህ ለኦዲት ድርጅቱ ይደውሉና "መግለጫውንም እናንተው አዘጋጁልን፣ ከዚያ ኦዲቱን ጨርሱት" ይላሉ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። ድርጅቱም ደንበኛውን ያውቀዋል፣ ዋጋውም ለሁለቱም ይስማማል። ይሁን እንጂ ኦዲተሩ እሺ ባለ ቅጽበት የራሱን ሥራ ራሱ ሊፈትሽ ተስማማ ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የሂሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብ የኦዲተርን ገለልተኛነት የሚፈታተኑ ነገሮችን በአምስት ይከፍላቸዋል። እነሱም የግል ጥቅም፣ የራስን ሥራ መገምገም፣ ለደንበኛ ጠበቃ መሆን፣ መቀራረብና ማስፈራራት ናቸው። እዚህ የምናየው ሁለቱን ነው፦ የራስን ሥራ መገምገምና መቀራረብ። የረጅም ጊዜ ቁርኝት የሚባለው የመቀራረብ ስጋት ከጊዜ ጋር ሲያድግ የሚይዘው መልክ ነው፤ ብዙ ጊዜም ደንበኛውን የማጣት ፍርሃት አብሮት ይመጣል። እነዚህን መርጠን የምናያቸው ተንኮል በሌለበት ስለሚበቅሉ ነው። ጉቦ የተቀበለ ኦዲተር ማጥፋቱን ያውቃል። ራሱ የሠራውን ሠንጠረዥ የሚፈትሽ ኦዲተር ግን ሥራውን በአግባቡ እየሠራ ይመስለዋል።

ስህተቱ የሚያልፈው እንዴት ነው?

ወደ ፋብሪካው እንመለስ። ዳቦ ቤቶችና ጅምላ ነጋዴዎች ያልከፈሉት 48 ሚሊዮን ብር ተሰብሳቢ ሂሳብ አለ። መግለጫውን የሚያዘጋጀው የኦዲት ድርጅቱ ሠራተኛ ለማይሰበሰብ ዕዳ መጠባበቂያ መያዝ አለበት። ባለፈው ዓመት 5 በመቶ ተይዞ ስለነበር ዘንድሮም 48 ሚሊዮኑን በ5 በመቶ አባዝቶ 2.4 ሚሊዮን ብር ያስገባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የኦዲት ቡድኑ ይመጣል። ሠንጠረዡን ይከፍታል፣ ድምሩን ያረጋግጣል፣ የሁሉንም ሂሳቦች ቀሪ ከሚዘረዝረው ትሪያል ባላንስ ጋር ያመሳክረዋል፣ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ሠንጠረዡ ከትሪያል ባላንሱ ጋር መስማማቱ አይቀርም፤ ሁለቱም የወጡት ከአንድ እጅ ነው።

ያልተጠየቀው ጥያቄ "5 በመቶው ከየት መጣ?" የሚለው ነው። ዕዳው በዕድሜው ቢከፋፈል ሌላ ታሪክ ይወጣል። 30 ሚሊዮኑ ከ90 ቀን ያላለፈ ነው እንበል፤ በደንበኞቹ የአከፋፈል ታሪክ መሠረት 1 በመቶ፣ ማለትም 300 ሺህ ብር ይበቃዋል። 9 ሚሊዮኑ ከ91 ቀን እስከ አንድ ዓመት የቆየ ነው፤ በ10 በመቶ 900 ሺህ ይሆናል። ቀሪው 9 ሚሊዮን ዓመት አልፎታል፤ በ50 በመቶ 4.5 ሚሊዮን ይመጣል። በድምሩ 5.7 ሚሊዮን ብር ነው። ከተያዘው ጋር ያለው ልዩነት 3.3 ሚሊዮን ነው። የፋብሪካው ከግብር በፊት ያለ ትርፍ 12 ሚሊዮን ብር ቢሆንና ቡድኑ ስህተት ችላ የማይባልበትን ወሰን፣ ማቴሪያሊቲውን፣ በትርፉ 5 በመቶ፣ ማለትም በ600 ሺህ ብር ቢያስቀምጥ፣ ስህተቱ ከዚያ ወሰን አምስት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ባንኩ የሚያየው 12 ሚሊዮን ትርፍ እውነቱ 8.7 ሚሊዮን ነበር።

እዚህ ላይ ቡድኑ ሰነፍ አልነበረም። የሌላ ሰው ሥራ ሲቀርብለት የሚነሳበት ጥርጣሬ ነው ያልተነሳበት። መጠባበቂያውን የያዘው ፋይናንስ ማናጀሩ ቢሆኑ ኖሮ ጀማሪ ኦዲተር እንኳ የዕዳውን የዕድሜ ዝርዝር ይጠይቅ ነበር። አሁን ግን ጥያቄው የሚነሳው በሥራ ባልደረባው ላይ ነው። ስህተቱ ከተገኘም ድርጅቱ ያስከፈለበትን ሥራ አበላሽቻለሁ ብሎ ለደንበኛው መንገር ሊኖርበት ነው። ስጋቱ የሚባለው ይህ ነው።

የትኛው ሥራ ይፈቀዳል?

ደንቡ እንደ ፋብሪካው ላሉ፣ የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ተብለው ላልተመደቡ ድርጅቶች በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። ኦዲተሩ ሂሳብ ነክ አገልግሎት መስጠት የሚችለው ግን ሥራው የተለመደና ውሳኔ የማይጠይቅ ሲሆንና የሚቀረው ስጋት በመከላከያ ሲቀንስ ብቻ ነው። ደንበኛው የአገልግሎት ዘመኑንና ቀሪ ዋጋውን ከወሰነ የወፍጮውን የእርጅና ቅናሽ ማስላት ይቻላል። ደንበኛው ራሱ ኮድ የሰጣቸውን ሂሳቦች መመዝገብ፣ ደንበኛው ካጸደቀው ትሪያል ባላንስ ተነስቶ መግለጫውን በቅርጽ ማዘጋጀትም ይቻላል። የመጠባበቂያውን መቶኛ መምረጥ ግን ፍርድ ነው። ያ የማኔጅመንቱ ውሳኔ ነው፤ ኦዲተሩ ከወሰደው የሚያድነው መከላከያ የለም። ያኔ ያለው አማራጭ ሥራውን መተው ወይም ኦዲቱን መተው ነው።

በተግባር መስመሩን ለማወቅ የሚበጀው ጥያቄ "ቁጥሩን የመረጠው ማን ነው?" የሚለው ነው። መልሱ በወረቀት መታየት አለበት። በፋብሪካው ሁኔታ ፋይናንስ ማናጀሩ የዕዳውን የዕድሜ ዝርዝር ራሳቸው ያወጣሉ፣ መቶኛዎቹን ከነምክንያታቸው በጽሑፍ ያስቀምጣሉ፣ ትሪያል ባላንሱን ፈርመው ቀን ያደርጉበታል። የኦዲት ድርጅቱ ሠራተኛ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የማጽደቂያው ቀን መግለጫው ከተዘጋጀበት ቀን በኋላ ከሆነ ወረቀቱ ለስሙ የተፈረመ ነው። ማናጀሩ መቶኛው ለምን 10 እንደሆነ ሲጠየቁ "እናንተ ናችሁ ያላችሁን" ካሉም ነገሩ አልቋል፤ ውሳኔው የእርሳቸው አልነበረም።

ይህ ከተሟላ በኋላ ሁለት መከላከያዎች ይሠራሉ። አንደኛው መግለጫውን የሚያዘጋጀው ሰው ከኦዲት ቡድኑ ውጭ መሆኑ ነው። ሁለተኛው በሁለቱም ሥራ ያልተሳተፈ ብቃት ያለው ባለሙያ ኦዲቱን ወይም የተሠራውን አገልግሎት መገምገሙ ነው። ገምጋሚው የሠንጠረዡን ድምር ብቻ ካየ ምንም አልጠቀመም። የዕድሜ ዝርዝሩን ከሽያጭ ደረሰኞች ላይ ናሙና ወስዶ ማስላትና መቶኛዎቹን ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ በኋላ በእርግጥ ከተሰበሰበው ገንዘብ ጋር ማነጻጸር አለበት።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነገር አለ፤ ኦዲተር ማስተካከያ ማቅረቡ የራስን ሥራ መገምገም አይደለም። ማናጀሩ 2.4 ሚሊዮን ይዘው ቡድኑ ፈትሾ 3.3 ሚሊዮን ጎድሏል ብሎ ማስተካከያ ቢያቀርብና ማኔጅመንቱ አይቶ ቢቀበለው ያ ራሱ ኦዲት ነው። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ደንበኛው ወሰነ፣ ቀጥሎ ኦዲተሩ ሞገተ።

ሌላው የተለመደ መንገድ የማማከር ሥራውን ለብቻው ባለ ንግድ ፈቃድ ማሠራት ነው። የኦዲት ድርጅቱ ባለቤት በጎን አማካሪ ድርጅት ይከፍትና መግለጫው በዚያ በኩል ይዘጋጃል፤ ማኅተሙ ሌላ ነው፣ ውሉም ሌላ ነው። ባለቤትነቱ ወይም አመራሩ አንድ ከሆነና ትብብር ካለ ግን ደንቡ ሁለቱን የአንድ መረብ አባላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። አንዱ የሠራው ሌላው እንደሠራው ይቆጠራል።

የሕዝብ ጥቅም ባለባቸው ድርጅቶች፣ ለምሳሌ በባንክና በኢንሹራንስ፣ መለኪያው ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 15 ቀን 2022 ወዲህ ለሚጀምሩ የሂሳብ ዘመናት የራስን ሥራ የመገምገም ስጋት ሊያመጣ የሚችል አገልግሎት ለኦዲት ደንበኛ መስጠት ክልክል ነው። መጠኑ ትንሽ ነው የሚል ምክንያት አይሠራም፤ ሌላ ሰው ይገምግመው የሚል መፍትሔም የለም። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው። የአገልግሎቱ ውጤት መዝገቡ፣ የውስጥ ቁጥጥሩ ወይም መግለጫው ውስጥ ሊገባ ይችላል? የኦዲት ቡድኑስ ያንን ውጤት ሊገመግም ወይም ሊመካበት ይችላል? ሁለቱም "አዎ" ከሆኑ አይሠራም። ከዚህ ጥብቅነት ጀርባ ያለው ታሪክ ይታወቃል። አርተር አንደርሰን የኤንሮን የውጭ ኦዲተር ሆኖ ሳለ የውስጥ ኦዲት ሥራም ይሠራለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ከኤንሮን 25 ሚሊዮን ዶላር ለኦዲት፣ 27 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ለሌሎች አገልግሎቶች ተከፍሎታል። ኤንሮን በቀጣዩ ዓመት ከሰረ፤ በ2002 የወጣው የአሜሪካ ሕግም ኦዲተር ለኦዲት ደንበኛው መዝገብ እንዳይዝና የውስጥ ኦዲት እንዳይሠራ ከለከለ።

መቀራረብ ሲበዛ

ኦዲተር ከደንበኛው ጋር ሳይቀራረብ ሥራውን መሥራት አይችልም። የእህል ግዥው በየትኛው ወር እንደሚበዛ፣ መጋዘኑ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ማን ምን እንደሚፈርም የሚያውቅ ኦዲተር ጥሩ ኦዲተር ነው። ስጋቱ የሚጀምረው እውቀቱ ማስረጃን መተካት ሲጀምር ነው። ማናጀሩ "ይሄ ሰውዬ ይከፍላል፣ ታውቁታላችሁ" ሲሉ ቡድኑ የክፍያ ደረሰኝ ሳይጠይቅ ካለፈ መስመሩ ታልፏል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ቁርኝቱ ከሰው ጋር ብቻ አለመሆኑን ነው። ኦዲተር ከሂሳቡ ጋርም ይቆራኛል። ከስድስት ዓመት በፊት ራሱ የተቀበለውን የሂሳብ አያያዝ ዛሬ ስህተት ነው ቢል፣ ስድስት ጊዜ የፈረመበት ሪፖርት አብሮ ይጠየቃል። ስለዚህ ማናጀሩ ተቀይረው አዲስ ሰው ቢመጣ የግል ቅርበቱ ይቀንሳል እንጂ ይህኛው ስጋት አይነካም።

በሰዎች በኩል ያለው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኤስኢሲ በኧርነስት ኤንድ ያንግ ላይ ያሳለፈው ውሳኔ ያሳያል። አንድ ከፍተኛ ፓርትነር የተበላሸ ግንኙነት እንዲያድስ ወደ አንድ ደንበኛ ተመደበ። ከኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ ጋር በጣም ተቀራረቡ፤ አንዱ ሌላው ቤት አደረ፣ ከቤተሰብ ጋር አብረው ተጓዙ፣ ለጉዞና ለመዝናኛም ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። ድርጅቱ ይህንና ሌላ ተመሳሳይ ጉዳይ ለመዝጋት በድምሩ 9.3 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ከዚህ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ቀላል ነገር ነው፦ የድርጅቱ የነጻነት መጠይቅ ስለ ቤተሰብና ስለ ሥራ ዝምድና ይጠይቅ ነበር፤ ቤተሰብ ስላልሆነ የቅርብ ወዳጅነት ግን አይጠይቅም ነበር። በየዓመቱ "ዝምድና የለኝም" ብሎ መፈረም መከላከያ የማይሆነው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ መጠይቁ ከሥጋ ዝምድና ባሻገር አበ ልጅነትን፣ የጋራ ማኅበርና ዕቁብን፣ የጋራ ንብረትን በግልጽ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ሌላ ይሆናል። ለመስክ ሥራ ውሎ አበልና ትራንስፖርት ደንበኛው የሚሸፍን ከሆነም መጠኑ በውሉ ላይ ተጽፎ ለኦዲት ድርጅቱ ይከፈል እንጂ በፖስታ ለቡድኑ አባላት አይሰጥ።

ቁርኝቱ ሥራውን እየጎዳው መሆኑን ለማወቅ የሁለት ዓመት ወርኪንግ ፔፐር ጎን ለጎን መዘርጋት ይበቃል። የናሙናው ብዛት አንድ ነው? ማብራሪያው ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ተገልብጧል? "ባለፈው ዓመት እንደታየው" የሚል ሐረግ ማስረጃ በሚያስፈልግበት ቦታ ተቀምጧል? የመጋዘን ቆጠራው በየዓመቱ በዚያው መጋዘን፣ በዚያው ሳምንት ይካሄዳል? የደንበኛው ሠራተኛ ቡድኑ ሳይጠይቀው የሚፈለጉትን ደረሰኞች አዘጋጅቶ ከጠበቀ፣ የሚመረጠው ናሙና አስቀድሞ ይታወቃል ማለት ነው።

የሰባት ዓመቱ አቆጣጠር

የሕዝብ ጥቅም ባለባቸው ድርጅቶች ኦዲቱን የሚመራው ፓርትነር፣ የጥራት ገምጋሚውና ሌሎች ቁልፍ የኦዲት ፓርትነሮች በድምሩ ከሰባት ዓመት በላይ መቆየት አይችሉም። ከዚያ በኋላ ኦዲቱን ሲመራ የነበረው አምስት ተከታታይ ዓመት፣ የጥራት ገምጋሚው ሦስት፣ ሌሎቹ ሁለት ዓመት ይርቃሉ።

ስህተት የሚበዛው አቆጣጠሩ ላይ ነው። አንድ ፓርትነር የአንድ ባንክን ኦዲት ከ2009 እስከ 2012 ዓ.ም. ለአራት ዓመት መራ እንበል። በ2013 እና በ2014 ሌላ ሰው ተካው። በ2015 የጥራት ገምጋሚ ሆኖ ተመለሰ። ብዙ ድርጅት እዚህ ላይ ቆጠራውን ከአንድ ይጀምራል፤ ሰውየው ወጥቶ ነበር፣ ሚናውም ተቀይሯል ይላል። ትክክል አይደለም። ቆጠራው እንደ አዲስ የሚጀምረው ፓርትነሩ ከመውጣቱ በፊት ለነበረው ሚና የሚያስፈልገውን ዕረፍት፣ እዚህ አምስት ዓመት፣ ሙሉ በሙሉ ሲጨርስ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ስላልበቃ 2015 አምስተኛው፣ 2016 ስድስተኛው፣ 2017 ሰባተኛው ዓመት ይሆናል። አራት ዓመት የመራ በመሆኑም ከ2018 እስከ 2022 አምስት ዓመት ይርቃል፤ ሊመለስ የሚችለው ለ2023 ሂሳብ ነው።

መራቅ ማለትም ስምን ከሪፖርቱ ላይ ማንሳት አይደለም። በዕረፍቱ ጊዜ ቡድኑን ማማከር፣ ለዚያ ደንበኛ የሚሰጡ ሌሎች አገልግሎቶችን መምራት፣ ከባንኩ ከፍተኛ አመራር ወይም ቦርድ ጋር አዘውትሮ መገናኘት የለም። የሚፈቀደው በመጨረሻው ዓመት ስለሠራው ሥራ ወይም ስለደረሰበት ድምዳሜ፣ አሁንም ለኦዲቱ አግባብነት ካለው፣ ለቡድኑ ማስረዳት ነው። አዲሱ ፓርትነር በየስብሰባው ወደ ቀድሞው እየደወለ የሚወስን ከሆነ ቅያሬው አልተደረገም።

ሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ኩባንያዎችን ኦዲት የሚመራው ፓርትነርና ገምጋሚው አምስት ዓመት ሠርተው አምስት ዓመት ይርቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ድርጅቱን ራሱን ያስቀይራል፤ መነሻው አሥር ዓመት ሆኖ አገሮች በጨረታ እስከ ሃያ እንዲያራዝሙት ይፈቅዳል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ተቆጣጣሪው የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱ ነው፤ የባንክ ኦዲተር ከሆኑ የብሔራዊ ባንክን መመሪያም አብረው ማየት ያስፈልጋል። ከደንቡ የጠበቀ የአገር ውስጥ ገደብ ካለ የሚሠራው ያ ነው።

ሁለት ፓርትነር ብቻ ያለው ድርጅት ምን ያድርግ?

ይህ ለትንንሽ ድርጅቶች ከባዱ ክፍል ነው። የዱቄት ፋብሪካው የሕዝብ ጥቅም ያለበት ስላልሆነ የሰባት ዓመቱ ገደብ በቀጥታ አይያዘውም፤ ድርጅቱ ግን ስጋቱን መመዘንና መከላከያ ማስቀመጥ አለበት። ሁለቱ ፓርትነሮች ደንበኞችን ሊለዋወጡ ይችላሉ። አንዱ ለፋብሪካው መግለጫውን ካዘጋጀ ሌላው ኦዲቱን ይመራል፤ በሁለቱም ያልተሳተፈ ገምጋሚ ግን ቤት ውስጥ አይገኝም። ያኔ ከሌላ ኦዲት ድርጅት ባለሙያ በክፍያ ማስገምገም ይቻላል፤ ለምሳሌ መጠባበቂያውን፣ የዕቃ ክምችት ዋጋውንና ከባለቤቶች ጋር የተደረጉ ግብይቶችን ብቻ። ሁሉን ነገር ላይ ላዩን ከማየት ይልቅ ፍርድ የሚበዛባቸውን ሦስቱን በጥልቀት ማየት ይሻላል። የገምጋሚው ጥያቄዎችና የተሰጡት መልሶች ሪፖርቱ ከመፈረሙ በፊት በፋይሉ ውስጥ መኖር አለባቸው።

ደንበኛው በስድስተኛው ዓመት ድንገት የሕዝብ ጥቅም ካለባቸው ተርታ ቢገባስ? ያለፉት ዓመታት ይቆጠራሉ። ፓርትነሩ አምስት ወይም ከዚያ ያነሰ ዓመት ከሠራ እስከ ሰባት ያለው ይቀረዋል። ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ከሠራ በደንበኛው ቦርድ ስምምነት ቢበዛ ሁለት ዓመት ብቻ ይጨመርለታል። ሁለት ፓርትነር ያለው ድርጅት ታዲያ አክሲዮን ለሕዝብ ሊሸጥ የተነሳ ደንበኛ ካለው ተተኪውን ከአሁኑ ማሠልጠን ይኖርበታል፤ ለደንበኛው መግለጫ ያዘጋጅ ከነበረም ያንን አገልግሎት ቀድሞ ማቋረጥ አለበት። ተተኪ ከሌለና ተቆጣጣሪው በአማራጭ መከላከያ የተለየ ፈቃድ ካልሰጠው፣ ለደንበኛው በጊዜ ነግሮ ኦዲቱን ለሌላ ድርጅት ማስረከብ ነው የሚቀረው። ይህን ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ በፊት ካደረገው ተረካቢው ኦዲተር በሰኔ 30ው ቆጠራ ላይ ራሱ መገኘት ይችላል።